ጨብጥና ክላሚዲያን አብሮ ማከም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መርፌውን ተወግቼ መግሉ ቆሟል፤ ታዲያ ኪኒኑ ለምን ያስፈልገኛል?»

በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የሚገድለው የጨብጥን ባክቴሪያ ነው። ክላሚዲያ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የሚራባ ስለሆነ ይህ መድኃኒት አያጠፋውም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ጊዜም ሕክምናው ምልክቱን መሠረት አድርጎ ለሁለቱም ይሰጣል። ለክላሚዲያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ይወሰዳል። መግሉ ከቆመ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ከተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልታከመው ክላሚዲያ ነው።

«ባለቤቴ ምንም ምልክት የላትም፤ መታከም ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

አብዛኞቹ ሴቶች ምልክት አይታይባቸውም፤ ነገር ግን በሽታው ሳይታከም ከቆየ ወደ ማሕፀንና ወደ ማሕፀን ቱቦ ዘልቆ ለመካንነትና ከማሕፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ሊዳርግ ይችላል።

በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ አንድ ሾፌር ሰኞ ዕለት መርፌውን ተወግቶ ዶክሲሳይክሊን ጀመረ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ታከመች እንበል። የእሱ ኪኒን እሑድ ያልቃል፤ የእሷ ግን በቀጣዩ ረቡዕ ነው። ስለዚህ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መጀመር የሚችሉት ረቡዕ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሑድ ቢጀምሩ ክላሚዲያው መልሶ ሊይዘው ይችላል። ባለፉት 60 ቀናት በጉዞ ላይ ሌላ ሴት ካወቀ፣ እርሷም ተነግሯት መታከም አለባት። አንዳንዶች ለራሳቸው የታዘዘውን 14 ፍሬ ከፍለው ለሚስታቸው ይሰጣሉ፤ ይህ በጣም ጎጂ ነው። የሁለቱም ሕክምና ይጓደላል፣ መርፌው ጭራሽ ይቀርባታል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ለእርሷ አይሆንም፣ በምትኩ አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣታል።

«መድኃኒቱን እንደጨረስኩ ወዲያው ተመርምሬ መዳኔን ላረጋግጥ።»

የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ የሞተውን ባክቴሪያ ቅሪትም ስለሚያገኝ፣ ከ4 ሳምንት በፊት የተገኘ የክላሚዲያ «ፖዘቲቭ» ውጤት የዳነውን ሰው እንዳልዳነ አስመስሎ ሊያሳስት ይችላል። ምልክቱ ለጠፋለት ሰው ትክክለኛው የድጋሚ ምርመራ ጊዜ 3 ወር ገደማ ነው፤ የሚፈለገውም መድኃኒቱ መሥራቱን ማወቅ ሳይሆን በሽታው እንደገና መያዙን ማየት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የሚገኘው በሽታ በአብዛኛው ካልታከመ ጓደኛ የመጣ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለክላሚዲያ ከታከመች ከ4 ሳምንት በኋላም ትመረመራለች፤ በጉሮሮ ጨብጥ የተያዘ ሰው ደግሞ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ መመርመር ይኖርበታል።

መግሉ ወይም ማቃጠሉ ከመርፌው በኋላ በ3 ወይም በ5 ቀን ውስጥ ካልተወ ግን 3 ወሩ አይጠበቅም። ታካሚው ወዲያው ተመልሶ፣ የሚቻል ከሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመድ አለመላመዱን የሚያሳይ የካልቸር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።