ስክሪኑ ድንገት ሲገዝፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እየጻፍኩ ሳለ ድንገት ሁሉም ነገር ገዘፈ። ከዴስክቶፑ የሚታየኝ አንድ ጥግ ብቻ ነው። ማውዙን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ስክሪኑም አብሮ ይሄዳል። ምን ላድርግ?»

የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ Esc ን ንኩ። የዊንዶውስ ቁልፍ የመስኮት ምልክት ያለበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኪቦርዱ ግራ ታች፣ Alt አጠገብ ይገኛል። ስክሪኑ ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል።

ያጋጠማችሁ ነገር Magnifier ይባላል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የስክሪን ማጉያ ነው። የሚከፈተው የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክቱ አንድ ላይ ሲነኩ ነው። ሳያስቡት መንካት በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይገጥመዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ጽሕፈት ቤቶችና ትንንሽ ቢሮዎች አካባቢ ስለዚህ ነገር የሚባለውን ደጋግሜ እሰማለሁ። አብዛኛው ስህተት ነው፤ አንዳንዱም ገንዘብና ሥራ ያሳጣል።

«ቫይረስ ነው። ፎርማት ካልተደረገ አይድንም።»

ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ አባት የቤት ኪራይ ውል ሊያጽፉ መጥተዋል። ጸሐፊዋ ውሉን ጽፋ ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። በመሃል እሳቸው ያመጡትን የቆየ ውል በብሮውዘር ከፍታ አሳየቻቸው። «ልጄ፣ ፊደሉን እስቲ አጉይልኝ፣ አይታየኝም» አሏት። እሷም Ctrl ን ይዛ መደመር ልትነካ ፈለገች። ጣቷ ያረፈው ግን የዊንዶውስ ቁልፍ ላይ ነው። መደመሩንም ሁለት ጊዜ ነካችው።

በመጀመሪያው ንክኪ ማጉያው ተከፍቶ 200 በመቶ ሆነ። በሁለተኛው 300 በመቶ ደረሰ። ላፕቶፑ 1366 በ768 የሚባለው ዓይነት ነበር። 300 በመቶ ላይ ወርዱም ቁመቱም ለሦስት ይካፈላል። ስለዚህ ከዴስክቶፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ 455 በ256 ገደማ። የቀረው ስምንት እጅ የትም አልሄደም፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ነው ያለው። ግን የ«Save» ምልክቱ፣ የመዝጊያዋ X፣ ታስክባሩ፣ ሁሉም ከዓይን ተሰወሩ።

«ኧረ አቦ፣ ይሄ ቫይረስ ነው» አለ ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ። ጥገና የሚሠራ ሰው ተደወለለት። ሳያየው «ፎርማት ይፈልጋል፣ አምጡት» አለ። ውሉ ደግሞ ገና ሴቭ አልተደረገም።

እዚህ ጋ ነው ስህተቱ ሥር የሚሰደው። ማሽኑ ለፎርማት ሲዘጋ ማጉያውም አብሮ ይዘጋል። ፎርማቱ አልቆ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲነሳ ስክሪኑ ትክክል ነው። ባለቤቱም «አየህ፣ ቫይረስ ነበር» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ቀጥሎ ያጋጠመውን ሰውም ወደዚያው ይልካል። ችግሩን የፈታው ግን ፎርማቱ አይደለም፤ የማሽኑ መዘጋት ነው። ለዚያ ደግሞ አንድም ፋይል ማጣት አያስፈልግም ነበር።

ጸሐፊዋ ያደረገችው የተሻለ ነበር። ወደ ጥገና ሳትልክ በAlt እና Tab ከብሮውዘሩ ወደ ውሉ ተመለሰች። Ctrl እና S ን፣ ቀጥሎም Enter ን ነካች፤ ውሉ ሴቭ ሆነ። ምክንያቱም ስክሪኑ ቢገዝፍም ኪቦርዱ እንደወትሮው ይሠራል። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍና Esc የሚለውን በስልክ ከሚያውቅ ሰው ሰማች። ውሉ የዚያኑ ሰዓት ታተመ።

ቫይረስ እንዲህ ዓይነት ነገር ፈጽሞ አያደርግም ብዬ አልምልም። ግን ስክሪኑ ማውዙን የሚከተል ከሆነና በዊንዶውስ ቁልፍና Esc ከተስተካከለ፣ ማጉያው ነበር ማለት ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

«ሙቀቱ ነው ስክሪኑን ያበላሸው።»

የድሬን ሙቀት ለኮምፒውተር ጥሩ ነው የሚል የለም። አቧራ የያዘ ማራገቢያ ያለው ላፕቶፕ ከሰዓት በኋላ ሊንቀራፈፍ፣ ሊጮህ፣ አንዳንዴም በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሙቀት የጎዳው ስክሪን ደግሞ መስመር፣ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መዛባት ነው የሚያሳየው። ፊደሉን ጥርት አድርጎ ሦስት እጥፍ አያሳድግም፣ ማውዝም አይከተልም።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ቀላል መፈተኛ አለ። ሞኒተሩ ላይ ያለውን የሜኑ ቁልፍ ተጫኑ። ብርሃን ማስተካከያው የሚወጣበት ያ ትንሽ ሠንጠረዥ የሚመጣው ከራሱ ከሞኒተሩ ነው፤ ዊንዶውስ አያውቀውም። እሱ በመደበኛ መጠኑ ከታየ ሞኒተሩ ጤነኛ ነው፣ ነገሩ ያለው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ላይ ይህ ሜኑ የለም። ግን ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው የአምራቹ አርማ በልኩ ከታየ ፍርዱ ያው ነው።

«ሬዞሉሽኑ ተቀይሮ ነው፤ ሴቲንግ ገብተህ መልሰው።»

ይህን የሚሉት ትንሽ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የከፋው ስህተትም ከዚህ ይመጣል፣ ምክንያቱም ያልተነካውን ሬዞሉሽን ያበላሻሉ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ሁለት ይሆናል። ማጉያው ሲዘጋም ስክሪኑ የደበዘዘ ወይም የተለጠጠ ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ሬዞሉሽን ዝቅ ሲል ሁሉም ነገር ይገዝፋል፣ ግን ሙሉው ዴስክቶፕ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ታስክባሩ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ማውዙን ጥግ ብታደርሱት ምንም አይንቀሳቀስም። በማጉያው ጊዜ ግን ታስክባሩ ወይ ጨርሶ የለም ወይ ተቆርጧል፤ ማውዙ ወደ ዳር ሲጠጋም የተደበቀው ክፍል እየተንሸራተተ ይመጣል።

ሬዞሉሽኑን ቀድማችሁ ነክታችሁት ከሆነ ዊንዶውስ «ይህን ላስቀጥል?» ብሎ የሚጠይቃት መስኮት ላይ ምንም አትጫኑ። 15 ሰከንድ ያህል ጠብቃ ወደ ድሮው በራሷ ትመለሳለች። አጽድቃችሁት ካለፈ መጀመሪያ ማጉያውን ዝጉ። ከዚያ Display ሴቲንግ ውስጥ Recommended የሚል ቃል አጠገቡ የተጻፈበትን ቁጥር ምረጡ።

«Ctrl እና 0 ንካው፣ ይመለሳል።»

ያ ለብሮውዘር ነው። የከፈታችሁትን ድረ ገጽ ብቻ ወደ 100 በመቶ ይመልሳል። የገዘፈው ገጹ ብቻ ሆኖ ታስክባሩና አይከኖቹ በልካቸው ካሉ፣ አዎ፣ መፍትሔው እሱ ነው። ዴስክቶፑ በሙሉ ከገዘፈ ግን ምንም አይፈይድም።

«አሳንሼው ተስተካክሎ ነበር። ከሰዓት ደግሞ በራሱ ተመለሰ።»

በራሱ አልተመለሰም፤ መጀመሪያውኑ አልተዘጋም። ብዙ ሰው የዊንዶውስ ቁልፍንና የመቀነስ ምልክቱን እየደጋገመ ይነካና 100 በመቶ ሲደርስ የጠፋ ይመስለዋል። ስክሪኑ መደበኛ ይሁን እንጂ ማጉያው ከጀርባ ክፍት ነው። ክፍት እስከሆነ ድረስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ Ctrl እና Alt ተይዘው የማውዙ ጎማ ሲሽከረከር ያጎላል። ሲጽፉ ክርናቸውን ወይም መዳፋቸውን ኪቦርዱ ላይ የሚያሳርፉ ሰዎች ይህን ሳያውቁት ያደርጉታል።

እንዲሁ Ctrl፣ Alt እና I አንድ ላይ ከተነኩ ቀለሙ ይገለበጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። ያኔ «ስክሪኑ ተቃጠለ» ይባላል። ይህም የማጉያው ሥራ ነው፤ እነዚያኑ ሦስት ቁልፎች ደግማችሁ ስትነኩ ይመለሳል።

ስለዚህ መቀነስ ብቻውን አይበቃም። መዝጊያው Esc ነው። የዊንዶውስ ቁልፋችሁ የማይሠራ ከሆነ Ctrl፣ Shift እና Esc ን አንድ ላይ ንኩ። Task Manager ይከፈታል። ስሙ ውስጥ Magnifier የሚል ያለበትን መርጣችሁ End task በሉት።

«አጥፍተህ አብራው፣ ያበቃል።»

ብዙ ጊዜ ያበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የላፕቶፑን ክዳን መግጠም ማጥፋት አይደለም። ማሽኑ ተኝቶ ሲነሳ ማጉያውም ከነመጠኑ አብሮ ይነሳል። ሌላው፣ አንዳንድ ማሽን ላይ ስንት ጊዜ ቢጠፋ ቢበራ ያው ገዝፎ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ሴቲንግ ውስጥ ማጉያው ከመግቢያ በኋላ እንዲጀምር ምልክት ተደርጎ ከሆነ ነው። ሰዎች ችግሩን ለመፍታት ሲጎረጉሩ ሳያውቁት ያበሩታል።

የዊንዶውስ ቁልፍ፣ Ctrl እና M ን አንድ ላይ ንኩ። የማጉያው ሴቲንግ ቀጥታ ይከፈታል። እዚያ Start Magnifier after sign-in የሚለውን አጥፉ። ከመግቢያ በፊት ለሁሉም ተጠቃሚ እንዲጀምር የሚያደርግ ሌላ አማራጭም ከአጠገቡ አለ፤ ብዙ ሰው የሚጋራው የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ እሱንም እዩት።

«ለማንም የማይጠቅም ነገር ነው፣ ምን ብለው አስገቡት?»

ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ነው የገባው። ለእነሱ ያለ እሱ ኮምፒውተር መጠቀም ከባድ ነው። ውሉን ሊያነቡ ያልቻሉት እኚያ አባት ራሳቸው ያለ ችግር ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። ያስደነገጣቸው በአንድ ንክኪ በ100 በመቶ መዝለሉ ነው። በዚያው ሴቲንግ ጭማሪውን ከ100 ወደ 25 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በኋላ በስህተት ቢነካም ለውጡ ትንሽ ነው፤ አስቦ ለሚጠቀምም በልኩ ያጎላል።

ሙሉ ስክሪኑ መግዘፉ የሚረብሻቸው ካሉ ደግሞ Docked የሚለውን አቀማመጥ ይምረጡ። የጎላው ክፍል ከላይ ባለ አንድ ሰቅ ውስጥ ብቻ ይታያል፤ የቀረው ዴስክቶፕ ከታች እንዳለ ይቆያል። ፊደሉን ከላይ እያነበቡ፣ Save ን ከታች መጫን ይቻላል።