«ስወጣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ»፦ በጎጃም ከተሞች የተከራይ ቀለምና መደርደሪያ

በጎጃም ከተሞች ቤት የተከራየ ሰው ሚስማር ከመምታቱ በፊት አከራዩን ያስፈቅዳል። ደብረ ማርቆስ ይሁን ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ይሁን እንጅባራ፣ ብዙው የኪራይ ክፍል ያለው ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። መዶሻ አንዴ ሲያርፍ ዋናው ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ በድብቅ የሚሆን ነገር አይደለም። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ቃል አስከትሎ ነው የሚመጣው፦ «ስወጣ እንደነበረ አድርጌ እመልሰዋለሁ።»

አነጋገሯ ቀላል ናት። ግን ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙን የሚወስነው የተከራዩ ቅንነት ብቻ አይደለም። ግድግዳው ከምን እንደተሠራም ይወስነዋል። አንዳንዱ ግድግዳ እንደነበረ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ምንም ቢደረግ አይመለስም። ጠብ ሲነሳ ያየሁት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ይህን ሳያውቁ ሲስማሙ ነው።

ከጭቃ ቤት እንጀምር። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ ከጭድ ጋር ቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ከዚያ በላይ ለስለስ ያለ ልስን ይሄድና ብዙ ጊዜ ነጭ ኖራ ይቀባል። ኖራ እርጥበትን አያፍንም። በክረምት ጭቃው የሳበው ውሃ ዝናቡ ሲያባራ በኖራው በኩል ወጥቶ ይደርቃል።

ተከራዩ «ቆሻሻ አይዝም፣ ይታጠባል» ብሎ በዚህ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ሲቀባ ያ መንገድ ይዘጋል። ቀለሙ ጭቃውን እንደ ላስቲክ ይጠቀልለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ከአንድ ክረምት በኋላ ከወለሉ ከፍ ብሎ እንደ እንጀራ ዓይን ማበጥ ይጀምራል። ያበጠው ሲላጥ ደግሞ ብቻውን አይላጥም፤ የልስኑን ፊት ይዞ ነው የሚወርደው።

የውሃ ቀለም ከዘይቱ ይሻላል፣ ግን እሱም ችግር አለበት። መዳፍዎን ኖራው ላይ አሻሽተው ይዩት። እጅዎ ነጭ ዱቄት ከያዘ ቀለሙ የሚጣበቀው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በዱቄቱ ላይ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ሳይቀቡ በፊት በብሩሽ አራግፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። መመለሱ ግን ከዚህም ይብሳል። ኖራ በፕላስቲክ ቀለም ላይ አይዝም። ስለዚህ «ስወጣ ኖራ ቀብቼ እሰጣለሁ» ያለ ሰው በእውነቱ የገባው ቃል ግድግዳውን ሙሉ ፍቆ እንደገና አስለስኖ ኖራ ለመቀባት ነው። ያን ያህል ነው ብሎ ቃል የሚገባ ሰው አላጋጠመኝም። ለጭቃ ቤት ቀናው ጥያቄ «ኖራውን ላድሰው» የሚለው ነው። ይህን እምቢ የሚል አከራይም ብዙ አይገኝም።

መደርደሪያውስ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቀው መምህር አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራየ። ብዙ መጽሐፍ ነበረው። ሦስት ባለ አንድ ሜትር ጣውላ ግድግዳው ላይ ሊያስር አሰበ። በመጽሐፍ የተሞላ አንድ ሜትር መደርደሪያ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስቱ 75 ኪሎ ሆኑ ማለት ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ግድግዳው ላይ ቀን ከሌት ተንጠልጥሎ እንደማደር።

የጭቃ ግድግዳ ሚስማር የሚይዘው ቋሚው ላይ ብቻ ነው። ቋሚው የት እንዳለ በጣት አንጓ እያንኳኩ ይፈለጋል። ድፍን ድምፅ የሰጠው ቦታ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ክፍት፣ ጎድጓዳ ድምፅ የሰጠው ግን ምርጉ ከማገሩ የተላቀቀበት ነው። እዚያ ላይ መዶሻ ካረፈ ሰፌድ የሚያህል ጭቃ ይወድቃል። ሚስማሩ ያለምንም ትግል ሰተት ብሎ ከገባም መጠርጠር ነው። ምስጥ የበላው ቋሚ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

መምህሩ ይህን የሰማው ከሰፈሩ አናጢ ነው። አናጢው እግር ያለው መደርደሪያ ሠራለት። ክብደቱ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ ወደፊት እንዳይደፋ ብቻ ከላይ በሽቦ ከአንድ ቋሚ ጋር ይታሰራል። ጥያቄው ከአሥራ ሁለት ሚስማር ወደ አንድ ወረደ።

እሑድ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው ለአከራዩ አሮጊት ያነሳው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምነው ልጄ?»

«መጽሐፉን መሬት ላይ አይጥ ሊጨርሰው ነው። መደርደሪያ አሠርቻለሁ። እዚህ ጥግ አንዲት ሚስማር ብመታ ይፈቅዱልኛል? ስወጣ ነቅዬ፣ ቀዳዳውን ደፍኜ ኖራውን እቀባዋለሁ።»

«አንዲት ብቻ?»

«አንዲት ብቻ።»

«ነገ ደግሞ ሌላ እንዳትለኝ። በል እሽ፣ እኔ ባለሁበት ምታት።»

ሲመታ ቆመው አዩት። ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። ሥራው ባለቤቱ ዓይን ፊት ከተሠራ በኋላ «ማን ሰነጠቀው?» የሚባል ነገር የለም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ግቢ ውስጥ ኪራይ የሚቀበሉት እናት ሆነው ቤቱን ያሠራው አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። «ልጄን ልጠይቀው» ካሉ እምቢታ ነው ብሎ መተርጎም አያስፈልግም፤ እውነትም መጠየቅ አለባቸው። «እንግዲህ እንዳሻህ» ያሉ ጊዜ ግን ፈቃድ ነው ብዬ አልወስደውም። ቅር ያለው ሰው ቃል ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ጉዳዩ የጽሕፈት ቤት ነው፤ በማመልከቻ ይጠየቃል፣ መልሱም በጽሑፍ ይያዛል።

በብሎኬት ቤት ነገሩ ይለያል። ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ የሚሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች አብዛኞቹ ብሎኬት ናቸው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ የሚይዘው ቀጭኑ የፊት ግድግዳው ብቻ ነው። የሲሚንቶ ሚስማር በመዶሻ ሲመታ ልስኑን ይሰነጥቃል፣ ከጀርባም ብሎኬቱን ይሰብራል። በድሪል ተበስቶ በፊሸርና በብሎን መታሰር አለበት። እንዲያም ሆኖ ለቅመማ ቅመምና ለስኒ እንጂ ለመጽሐፍ አይታመንም። ብሎኑ በእጅ ሲወዘወዝ ፊሸሩ አብሮ ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው።

ቀዳዳውን መድፈን ቀላል ነው። ስቱኮ ይሞላል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። የሚያጣላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተከራዩ የደፈነውን ቦታ ብቻ ነጭ ይቀባዋል። የቀረው ግድግዳ በሁለት ዓመት ጭስና አቧራ ነጭነቱን ለቋል። አዲሱ ነጭ እንደ ልጥፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አከራዩ «ግድግዳዬን አዥጎረጎርከው» ይላል፤ ተከራዩ «እንደነበረ መለስኩት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ያንን አንድ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ መቀባት ነው። ጥግ ላይ ሲደርስ የቀለም ልዩነት ለዓይን ብዙም አይታይም።

ቀለም ለመቀየር ለሚያስፈቅድ ሰው ደግሞ የመመለሻውን ወጪ አስቀድሞ ማስላት ይበጃል። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ይሁን። ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 33 ካሬ ሜትር ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 9 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ፈዛዛ ክሬም ለመቀባት ሁለት እጅ፣ ማለትም 7 ሊትር ከምናምን ይበቃል። ወደ ነጭ ሲመለስም እንደዚያው። ግን ተከራዩ የወደደው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡና ዓይነት ከሆነ ነጩ በሁለት እጅ አይሸፍነውም። ሦስት ካልሆነም አራት እጅ ይፈልጋል፤ 11 ሊትር እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ደማቁን ቀለም ለአንድ ግድግዳ ብቻ ማስፈቀድ ለሁለቱም ይቀላል። የመጀመሪያው ቀለም ከየት ሱቅ፣ በምን ቁጥር እንደተገዛ መጠየቅና ጣሳውን ፎቶ ማንሳትም አይከፋም።

የዘይት ቀለም ብሎኬት ላይ ጭቃ ላይ የሚያደርገውን ያህል አያጠፋም። ግን በሚያብረቀርቅ ዘይት ላይ የውሃ ቀለም ሲቀባ ይንሸራተታል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ብርቀቱን መግደል ግድ ነው። ይህን የዘለለ ቀቢ ሥራ ከሳምንት በኋላ በጥፍር ይላጣል።

እኛ አገር ለጉዳት የሚያዝ ገንዘብ ብዙም አልተለመደም። ቅድሚያ የሚከፈለው የኪራይ ብር ነው፤ የተከፈለባቸው ወራት ሲኖሩበት ያልቃል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ተከራዩ በሚወጣበት ቀን በአከራዩ እጅ ያለው የተገባለት ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ዋስ የሚጠይቀው። የሚሻለው ግን አጭር ጽሑፍ ከሁለት ምስክር ጋር ነው፦

«ተከራይ በክፍሉ የግራ ግድግዳ ላይ አንድ መደርደሪያ በ4 ብሎን እንዲያስሩ አከራይ ፈቅደዋል። ተከራይ ቤቱን ሲለቁ መደርደሪያውን ነቅለው ይወስዳሉ፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ የውሃ ቀለም ያስቀባሉ።»

«እንደነበረ» የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ። በምትኩ የሚሠራው ሥራ ነው የተጻፈው።

መመለሻው ጊዜም ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ የሚለቅ ሰው የጭቃ ልጥፍ እስኪደርቅ ብዙ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ሳይደርቅ ኖራ ከተቀባ ቢጫ ጥላ ይጥላል፣ ሲደርቅም ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ቁልፍ በሚያስረክቡበት ዋዜማ መጀመር ከንቱ ነው።

መምህሩ የለቀቀው በሰኔ ነው፤ ወደ ዳንግላ ተዛውሮ። ጭቃ ከጭድ ጋር በባልዲ አቡክቶ፣ ኖራውን በጥብጦ መጣ። መደርደሪያው ወጣ፣ ሽቦው ተፈታ። ጉጠቱን አንስቶ ሚስማሯን ሊነቅል ሲል አሮጊቷ ከበሩ ሆነው «ተዋት» አሉት። ሰፌዳቸውን አምጥተው ሰቀሉባት። እሱም የበጠበጠው ኖራ እንዳይባክን የበሩን ጎንና ጎን ቀብቶላቸው ሄደ።