የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ፦ 15 በመቶው ብድርን፣ ቁጠባንና የገበያ ዋጋን እንዴት ይነካል?

የፖሊሲ ወለድ ማዕከላዊ ባንክ ከንግድ ባንኮች ጋር ገንዘብ ሲሰጥና ሲቀበል መነሻ የሚያደርገው ወለድ ነው። ተራው ሰው በዚህ ወለድ አይበደርም፣ አይቆጥብምም። ሆኖም የሚበደርበትና የሚቆጥብበት ባንክ ራሱ በዚህ ወለድ ስለሚገበያይ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ተመኑን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2016 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ተመን 15 በመቶ ነበር።

ከዚያ በፊት

ብሔራዊ ባንክ ራሱን ችሎ ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። በደርግ ዘመን ባንኮች ተወርሰው ወለድ በትእዛዝ ይተመን ነበር። በ1986 የግል ባንኮች ተፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የማበደሪያ ወለድ ለባንኮቹ ተለቀቀ፤ ለቁጠባ ወለድ ግን ከዚህ በታች አትክፈሉ የሚል ወለል ቀረ። ወለሉ 5 በመቶ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል።

በዚያ ዘመን ብሔራዊ ባንክ ገንዘብን የሚቆጣጠረው በዋጋው ሳይሆን በመጠኑ ነበር። በ2003 የወጣው መመሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። የግል ባንኮች አዲስ ብድር በሰጡ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። ሰነዱ የሚያስገኘው ወለድ ደግሞ ባንኩ ለቆጣቢ ከሚከፍለው ያነሰ ነበር። ባንኮቹ ያጡትን ከተበዳሪው ላይ ለማካካስ ሞክረዋል። መመሪያው በ2012 ተነሳ።

ግሽበቱ ግን አልበረደም። በግንቦት 2014 ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 37.2 በመቶ ደረሰ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ ቆንጠጥ ያለ እርምጃ ወሰደ። የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። መንግሥት ከእሱ በቀጥታ የሚወስደውን ብድር ገደበ። ለቸገራቸው ባንኮች የሚሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ወለድም ከ16 ወደ 18 በመቶ አወጣ። የፖሊሲ ወለዱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

15 በመቶው ባንክ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

አሠራሩ ባለ ሦስት ቁጥር ነው። መሐሉ 15 ሲሆን፣ ከላይና ከታች 3፣ 3 ነጥብ ይጨመራል ይቀነሳል። ገንዘብ ያጠረው ባንክ ማስያዣ አቅርቦ ከብሔራዊ ባንክ በ18 በመቶ ይበደራል። ገንዘብ የተረፈው ባንክ እዚያው አስቀምጦ 12 በመቶ ያገኛል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ጨረታ ይወጣል። በገበያው ትርፍ ገንዘብ ካለ ብሔራዊ ባንክ ይሰበስባል፤ እጥረት ካለ ያበድራል። የጨረታው መነሻ 15 በመቶው ነው።

አመክንዮው ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ያለ ምንም ስጋት 12 በመቶ እየከፈለ፣ ለሌላ ባንክ በ10 በመቶ የሚያበድር ባንክ አይኖርም። በ18 በመቶ ብድር እየተገኘ ከጎረቤት ባንክ በ20 የሚበደርም የለም። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ከ12 እስከ 18 ባለው መሐል መዋል አለበት። በ2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በዘረጋው መድረክ ላይ የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ተጀምሯል። ፖሊሲው እየሠራ መሆኑን ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ያለውን ወለድ ነው። ከ15 ብዙ ካልራቀ ሥራው ተሠርቷል። ወደ 18 ተጠግቶ ከቆየ ግን ገንዘብ ጠፍቷል ማለት ነው።

ወደ ብድር ውሉ ሲወርድ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ብዙዎች የፖሊሲ ወለድ በ1 ነጥብ ሲጨምር የብድር ወለድም በ1 የሚጨምር ይመስላቸዋል። እንዲህ የማይሆነው ለምን እንደሆነ የአንድ ባንክን ሒሳብ እንይ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው።

ባንኩ 100 ብር ተቀማጭ አለው እንበል። 30 ብሩ በቼክ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው፤ ወለድ አይከፈልበትም። 50 ብሩ በ7 በመቶ የተቀመጠ ተራ ቁጠባ ነው። የቀረው 20 ብር ትልልቅ ድርጅቶች በድርድር፣ በ14 በመቶ ያስቀመጡት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው። ባንኩ በዓመት የሚከፍለው ወለድ 3.50 እና 2.80፣ በድምሩ 6.30 ብር ይሆናል። አሁን የገበያው ወለድ ጨመረና ድርጅቶቹ «17 በመቶ ካልሆነ እናወጣለን» አሉ እንበል። ወጪው ወደ 6.90 ይወጣል። የድርድሩ ወለድ በ3 ነጥብ ሲዘል፣ የባንኩ አማካይ ወጪ ከፍ ያለው በ60 ሳንቲም ብቻ ነው። አብዛኛው ገንዘቡ ወለድ የማይከፈልበት ወይም በወለሉ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ጫናው አይሰማውም።

ስለዚህ የፖሊሲ ወለዱ መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ ቆጣቢ ያለውን ትልቅ ባንክ አይደለም። በጊዜ ገደብ ተቀማጭና በሌሎች ባንኮች ብድር የሚንቀሳቀሰውን ትንሽ ባንክ ነው። የእሱ ደንበኞች ለውጡን ቀድመው ያዩታል።

ሲደርስ ደግሞ በደብዳቤ ነው የሚደርሰው። በብዙ የብድር ውሎች ላይ ባንኩ እንደ ገበያው ሁኔታ ወለዱን ሊለውጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አለ። ሲፈርሙ ማንም አያነበውም። 1 ሚሊዮን ብር በ5 ዓመት የሚከፈል ብድር እንውሰድ። በ15 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያው 23,790 ብር ገደማ ነው። በ18 በመቶ 25,393 ብር ይሆናል። በወር የ1,600 ብር ልዩነት፣ በ5 ዓመቱ ወደ 96 ሺህ ብር ይጠጋል። መኪና ወይም ማሽን ለመግዛት የሚያስበውን ሰው «ትንሽ ልቆይ» የሚያሰኘው ይህ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ የሚፈልገውም ይህንኑ መቆየት ነው።

ቆጣቢው

ከባንኩ፣ ከተበዳሪውና ከቆጣቢው መካከል የፖሊሲ ወለዱ እምብዛም ያልደረሰው ለቆጣቢው ነው። ተመኑ 15 ተብሎ ሲታወጅ፣ የቁጠባው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንደሆነ ቀርቷል። ይህ ወለል ለአንድ ቆጣቢ ምን ማለት እንደሆነ እንይ።

በሰኔ 2016 መቶ ሺህ ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ያገኛል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲነሳ 6,650 ይቀራል። ደብተሩ ላይ 106,650 ብር ይታያል። በሰኔ 2017 ግን ዓመታዊው ግሽበት 13.9 በመቶ ነበር። ከዓመት በፊት በ100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 113,900 ብር ሆኗል። ቆጣቢው ወለዱን ተቀብሎም 7,250 ብር ይጎድለዋል። መሬት፣ ወርቅና ዶላር ከባንክ ደብተር ይልቅ ሲፈለጉ የኖሩት ለዚህ ነው።

ገንዘባቸው በዛ ያለ ሰዎች የተሻለ መንገድ አላቸው። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለዱ በስምምነት ስለሆነ መደራደር ይቻላል፤ ባንኩ ገንዘብ የጠበበው ጊዜ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ይሰጣል። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ወለድም ከፖሊሲ ለውጡ በኋላ ከፍ ብሏል። ከወለድ ነፃ ሒሳብ ያላቸው ደንበኞች ጉዳይ የተለየ ነው። የእነሱ ድርሻ የሚመጣው ከትርፍ ክፍፍል ስለሆነ 15 በመቶው በቀጥታ አይመለከታቸውም።

የዕቃ ዋጋ

ታሳቢው ሰንሰለት ይህ ነው። ብድር ይወደዳል፣ በብድር የሚገዛ ይቀንሳል፣ ነጋዴ ብዙ ዕቃ አከማችቶ መጠበቅ ያከስረዋል፣ ዋጋ ይረጋጋል። በተለይ ሦስተኛው ነጥብ በእኛ አገር ቦታ አለው። በብድር ብር ሲሚንቶ ወይም ዘይት መጋዘን ውስጥ የሚያስቀምጥ ነጋዴ፣ ዕቃው ከወለዱ በላይ እንደሚወደድ እርግጠኛ መሆን አለበት። ግሽበቱ 37 በመቶ፣ ብድሩ ከ20 በታች በነበረበት ጊዜ ማከማቸት አዋጪ ነበር። ግሽበቱ ወደ 14 ሲወርድና ብድሩ ባለበት ሲቆይ ስሌቱ ይገለበጣል።

ሰንሰለቱ የማይደርስበትም አለ። በዋጋ መለኪያው ቅርጫት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ጤፍ ይወደዳል፤ ወለድ ይህን አያስተካክልም። የምንዛሪ ተመኑም አለ። የ15 በመቶው ወለድ ከታወጀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ይህ የሚፈጥረው ጫና በየትኛውም የወለድ ለውጥ የሚሸፈን አልነበረም።

እንዲያም ሆኖ ግሽበቱ ሽቅብ አልፈነዳም። በሰኔ 2016 ከነበረበት 19.9 በመቶ በዓመቱ ወደ 13.9 ወርዷል፤ ይህ በቀላሉ የሚታይ ውጤት አይደለም። የማን ውጤት እንደሆነ ግን አከራካሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ጥብቅ ፖሊሲውን፣ በተለይም በ2017 በጀት ዓመት መንግሥት ከእሱ ቀጥታ ብድር አለመውሰዱን ይጠቅሳል። ሌሎች የተሻለ ምርትንና ዋጋቸው አስቀድሞ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ተሰልቶ ስለነበር በለውጡ ብዙ ያልተወደዱ ዕቃዎችን ያነሳሉ። አንዳንዶች አሃዙ ራሱ ከገበያው ጋር አይገናኝም ይላሉ።

ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚታየው ከ15 በመቶው ይልቅ ሥራውን የሠራው የብድር ጣሪያው ነው። ጣሪያው ባለበት አገር ብድር በወለድ ሳይሆን በወረፋ ይከፋፈላል። 20 በመቶ እከፍላለሁ የሚል ነጋዴም ባንኩ የዓመቱን ድርሻ ከጨረሰ ባዶ እጁን ይመለሳል። ወለዱ ቢጨምርም ቢቀንስም ለእሱ ለውጥ የለውም።

ጣሪያው በደረጃ እየላላ መጥቷል። የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በታህሳስ 2017 የመጀመሪያ ስብሰባው ወለዱን በ15 አቆይቶ ጣሪያውን ከ14 ወደ 18 በመቶ አነሳ። በመስከረም 2018 ደግሞ ወለዱን ሳይነካ ወደ 24 አደረሰው። ጣሪያው ጨርሶ ሲነሳ፣ ተበዳሪው በባንኩ በር ላይ የሚያገኘው መልስ «ኮታ አልቋል» ከሚለው «ወለዱ ይህን ያህል ነው» ወደሚለው ይቀየራል። 15 በመቶው በራሱ ጉልበት ዋጋን መያዝ አለመያዙ በእርግጥ የሚለካው ያኔ ነው።