የወራሽነት ማስረጃ ምንድን ነው? አጎት ይዞት ሲገኝስ?

ልጁ ጅዳ ሲሠራ ኖሯል። አባቱ በ2009 ደሴ ውስጥ ሲያርፉ ለቀብር አልደረሰም፤ ብር ልኮ፣ አልቅሶ ቀረ። በ2016 ወደ አገሩ ሲገባ ግቢው ውስጥ ተከራዮች አገኘ። አጎቱ ደግሞ በፍርድ ቤት ማኅተም የተመታ ወረቀት አውጥተው «ቤቱ የእኔ ነው፤ ይኸው ወራሽነቴ» አሉት። ታሪኩ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፤ ወረቀቱ ግን በየፍርድ ቤቱ መዝገብ የሚገኝ ነው።

ወረቀቱ የወራሽነት ማስረጃ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። አመልካቹ ምስክሮቹን ያቀርባል። ምስክሮቹ «ሟች ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ወንድም ብቻ ነው» ካሉና ተቃዋሚ ካልመጣ ማስረጃው ይሰጣል። ጅዳ ያለው ልጅ በዚያ ችሎት የለም፤ ስለ ጉዳዩም የነገረው ሰው የለም።

ማስረጃው ግን ያዡ ወራሽ ነው ተብሎ እንዲገመት ከማድረግ ያለፈ ኃይል የለውም፤ ግምቱም ይፈርሳል። በሕጉ ቁጥር 842 መሠረት ከሁሉ በፊት የሚወርሱት የሟች ልጆች ናቸው፤ በእኩል። ወንድም የሚደርሰው ሟች ተወላጅ ሳይተዉ ሲሞቱ፣ ያም ቢሆን ከሟች ወላጆች ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ኑዛዜ እስከሌለ ድረስ አንድ ልጅ መኖሩ ከተረጋገጠ የአጎት ወራሽነት ይወድቃል። በነገራችን ላይ እናት በሕይወት ካሉ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሳቸው ነው፤ ከመጀመሪያውም ውርስ ውስጥ አይገባም።

ልጁ ታዲያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የአጎቱ ማስረጃ እንዲሰረዝ ማስረጃውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ትክክለኛው ወራሽ እኔ ነኝና ቤቱ ይመለስልኝ ብሎ ይከሳል። ከሁለቱም ጋር የእግድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበጀዋል፤ ማስረጃውን አምኖ በቅን ልቦና የገዛ ሦስተኛ ሰው ከገባ ጉዳዩ እጅግ ይወሳሰባልና። የእግዱ ትእዛዝ ለማዘጋጃ ቤቱ ሲደርስ ስም ማዛወሩ ይቆማል።

ማስረጃ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት በስም ነው። ወደ አረብ አገር ሲሄዱ በሌላ ስም ወይም በሌላ ዕድሜ ፓስፖርት ያወጡ ጥቂት አይደሉም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰውና የሟች ልጅ አንድ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ አባት እንደ ልጃቸው ሲያሳድጉት፣ ጎረቤትና ዘመድም የእሳቸው ልጅ መሆኑን ሲያውቁ መኖራቸው ይረዳል። የትምህርት ቤት መዝገብና የክርስትና ወረቀትም አቅም አላቸው። መመለስ የማይችል ሰው በኤምባሲ ውክልና ይሰጣል፤ ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል።

ዋናው ጭንቅ ግን ጊዜ ነው። ቁጥር 1000 እንደሚለው ወራሹ መብቱን፣ እንዲሁም ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ከሟች ሞት ወይም ወራሹ በመብቱ ሊሠራ ከቻለበት ቀን አንስቶ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ፣ ከዘር የወረደ ርስት ካልሆነ በቀር፣ አላወቅሁም ማለት አይረዳም። ስለዚህ የክርክሩ እምብርት «መቼ አወቅህ?» የሚለው ነው። ልጁ የአጎቱን መያዝ የሰማው በ2014 ከሆነ በ2016 ያቀረበው ክስ በጊዜው ነው። በ2011 እህቱ ስልክ ደውላ «አጎታችን ቤቱን በስሜ አዛወርኩ እያለ ያከራያል» ብላው ከነበረ ግን ጊዜው በ2014 አልቋል። የአጎት ጠበቃ የሚፈልገው ይህን ምስክር ነው። የመክሰሻ ጊዜው አልፏል የሚለውን የይርጋ መቃወሚያ ተከሳሹ በመጀመሪያ መልሱ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም፤ ጠበቃ ያለው ተከሳሽ ግን አይረሳውም።

አጎት ብዙ ጊዜ ሌላም ይላሉ፤ ጦሬያለሁ፣ ቀብሬያለሁ፣ ተዝካር አውጥቻለሁ፣ ግብር ከፍያለሁ። ለወጪያቸው መጠየቅ ይችሉ ይሆናል፤ ወራሽ ግን አያደርጋቸውም። የግብሩ ነገር ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁጥር 1168 በይዞታው ሥር ላለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብር የከፈለን ሰው ባለቤት ሊያደርገው ይችላል። በምሳሌያችን ከ2009 እስከ 2016 ያለው ጊዜ ለዚህ አይበቃም።

ይህ ሁሉ የከተማ ቤትን ይመለከታል። የእርሻ መሬት ከሆነ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ይገባል፤ በዚያ ልጅነት ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ወራሹ በግብርና የሚተዳደር ወይም መተዳደር የሚፈልግ መሆኑም ሊታይ ይችላል። የከተማው ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ ደግሞ በ2004 የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ወደ ሊዝ አይዞርም። በሽያጭ ወይም በስጦታ ከተላለፈ ግን ይዞራል። ልጁና አጎቱ በሽማግሌ ታርቀው ቤቱን ለመካፈል ቢስማሙ፣ ስምምነቱን ከመፈረማቸው በፊት ማዘጋጃ ቤቱ የአጎቱን ድርሻ እንደ ውርስ ወይስ እንደ ስጦታ እንደሚያየው ቢጠይቁ መልካም ነው።