ዱካ ማንበብ ምንድን ነው? ጭቃው ላይ ያለፈው የውሻ ወገን ነው ወይስ የድመት?

ወንዝ ዳር ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው ዱካ አያችሁ እንበል። ጣቶቹ ከፊት፣ መዳፉ ከኋላ። የማን ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትልቅነቱን ነው። «ይሄማ ግዙፍ ነው፣ ነብር መሆን አለበት» ይላል። ትልቅ ውሻም ግን የነብር የሚያህል ዱካ ይተዋል። ስለዚህ መጠኑን ለጊዜው እንርሳው። መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው።

ዱካ ማንበብ ማለት መሬት ላይ ከቀረው ቅርጽ ተነስቶ ማን እንዳለፈ፣ ወዴት እንደሄደና እንዴት ይራመድ እንደነበር ማወቅ ነው። ሥራው በአብዛኛው ማጣራት ነው፤ ሊሆን የማይችለውን እያስወጡ መሄድ። አንዳንዱ ቶሎ ያልቃል። ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮና ካያችሁ የፍየል፣ የድኩላ ወይም የከርከሮ ወገን ነው። ያልተሰነጠቀ አንድ ክብ ሰኮና ከሆነ ፈረስ፣ አህያ ወይም የሜዳ አህያ ነው። አስቸጋሪው አራት ጣት ያለው ነው። ውሻ፣ ቀበሮ፣ ተኩላ፣ ጅብ፣ ድመት፣ ነብር፣ አንበሳ ሁሉም መሬት ላይ የሚታዩት አራት ጣቶቻቸው ናቸው። እዚህ የምንቆየው እነዚህን በመለየት ላይ ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ጥፍር ነው። ውሻ ጥፍሩን መሰብሰብ ስለማይችል ከጣቱ ፊት ትንሽ ነጥብ ይቀራል። ድመት ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ስለዚህ አይታይም። ነገሩ እውነት ነው፣ ግን በዚህ ብቻ የሚወስን ሰው ቶሎ ይሳሳታል። ጠንካራ መሬት ላይ የውሻም ጥፍር ላይታይ ይችላል። በተለይ የቀበሮ ጥፍር ቀጭን ስለሆነ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። በተቃራኒው ነብር የሚያዳልጥ ጭቃ ላይ ሲወጣ ወይም ሲዘል መሬቱን ለመቧጠጥ ጥፍሩን ያወጣል። አቦ ሸማኔ ደግሞ የድመት ዘር ሆኖ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ አይሰበስብም፣ ዱካው ላይም ይታያል። ጥፍር አጋዥ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

ከጥፍር ይልቅ እኔ የማምነው መዳፉን ነው። መዳፍ የምለው ከጣቶቹ ኋላ ያለውን ትልቁን ክፍል ነው። የድመት ወገን መዳፍ ከጣቶቹ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትልቅ ነው። የፊት ጠርዙ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፣ መሀሉ ላይም ትንሽ ገባ ይላል። የኋላ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሦስት እብጠቶች አሉ። ጭቃው ጥሩ ከሆነ ሦስቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የውሻ ወገን መዳፍ ከዚህ ያነሰና ወደ ሦስት ማዕዘን የሚጠጋ ነው፤ ፊቱ ወደ አንድ ጫፍ ይጠባል፣ ኋላው ላይ ሦስቱን እብጠቶች አታገኙም።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥሩ መሞከሪያ አለ። በጣቶቹና በመዳፉ መካከል ያልተረገጠውን፣ ከፍ ብሎ የቀረውን ጭቃ ተመልከቱ። በውሻ ዱካ ላይ ይህ ከፍታ የመስቀለኛ ቅርጽ አለው፤ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን ብታጋድሙ ጣቱንም መዳፉንም ሳይነኩ መሀል ላይ መስቀል ይሠራሉ። በድመት ዱካ ላይ ግን መዳፉ ሰፊ ስለሆነ መንገዱን ይዘጋል። የሚቀረው ከመዳፉ ፊት ዞሮ የሚያልፍ ቀስት ነው። ይህን ለማየት ጥፍር አያስፈልግም።

ቀጥሎ አጠቃላይ ቅርጹ አለ። የውሻ ዱካ ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፣ መሀል ለመሀል ቢታጠፍም ግራና ቀኙ ይገጥማል። ሁለቱ የመሀል ጣቶች እኩል ወደፊት ወጥተዋል። የድመት ግን ክብ ነው፣ ግራና ቀኙም አይገጥምም። ከሁለቱ የመሀል ጣቶች አንዱ ይቀድማል። ለምን እንደሆነ ለማየት ግራ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና አውራ ጣታችሁን ደብቁ። ከቀሩት አራቱ ረጅሙ ከቀኝ ሁለተኛው ነው። የድመትም እንደዚያው ነው። እንግዲህ ቀዳሚው ጣት ከመሀለኞቹ የቀኙ ከሆነ ግራ እግር ነው፣ የግራው ከሆነ ቀኝ እግር። ከአንድ ዱካ ብቻ የትኛው እግር እንደሆነ ማወቅ መቻል በጣም ደስ ይላል፣ አልደብቃችሁም።

ጅብ ከሁለቱም ለየት ይላል። እንደ ውሻ ጥፍሩ ይታያል፣ ጥፍሩ ግን ደነዝ ነው። የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ዋናው መለያ ግን የፊትና የኋላ እግሩ ልዩነት ነው። አንገቱና ትከሻው ከባድ ስለሆነ የፊት ዱካው ከኋላው በግልጽ ይበልጣል። አንድ ዱካ ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም። ሁለቱንም ማየት አለበት።

አሁን አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንይ። ወንዝ ዳር ከውሃው ወደ ላይ የሚወጣ የዱካ መስመር አለ። የመጀመሪያው ዱካ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ጠልቋል፣ ከላይ ሲለካ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጣቶቹ ሁለቱ ፊት ትናንሽ ነጥቦች አሉ። አብሯችሁ ያለው ሰው ወዲያው «ጅብ ነው፣ ጥፍሩን አታይም?» ይላል።

አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልኬቱ ራሱ ያጠራጥራል። እግር ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ሲወጣም ጠርዙን ያፈርሰዋል። ስለዚህ የላይኛው አፍ ከእግሩ ይሰፋል። መለካት ያለበት ወለሉ ነው፤ ጠፍጣፋው ወለል አልቆ ግድግዳው ወደ ላይ መታጠፍ እስከሚጀምርበት ያለው። ያው እግር ጥልቅም ይርገጥ ስስ ይርገጥ፣ ወለሉ ብዙም አይለዋወጥም። ወለሉ ሲለካ 8 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ11 ወደ 8 መውረድ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ቀጥሎ ያንን መጥፎ ዱካ ትቶ መስመሩን መከተል ነው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ መሬቱ ይጠነክራል፣ ላዩ ላይ ስስ እርጥብ ጭቃ ብቻ አለ። ለዱካ ከዚህ የተሻለ መሬት የለም። እዚህ የመዳፉ ሦስት እብጠቶች ወጡ። መስቀለኛው ቅርጽ የለም። ከመሀል ጣቶቹ የቀኙ ይቀድማል፣ ጥፍርም የለም። ከዚህ በኋላ ያለው አማራጭ የድመት ወገን ነው። ታዲያ ታች ያሉት ነጥቦች? ቦታው ዳገትና አዳላጭ ነበር፣ ጣቶቹም ተበርግደዋል። ለመቧጠጥ የወጣ ጥፍር ነው። ቅርጹን ካወቅን በኋላ መጠኑ ይጠቅመናል። የቤት ድመት ዱካ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የትልቅ አንበሳ ደግሞ ከ10 በላይ ይሄዳል። 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥፍር የሌለው፣ ነብር በሚኖርበት አካባቢ ከሆነ፣ የነብር ነው ማለት ይቻላል። የአንበሳ ግልገል እንዳይሆን ግን አጠገቡ የትልቅ አንበሳ ዱካ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው።

አንድ ነገር ቀረ። መስመሩ ላይ ስድስት ጣት ያለው የሚመስል ዱካ አለ። የሚያስደነግጥ ነገር የለም። የድመት ወገን ተረጋግቶ ሲራመድ የኋላ እግሩን የፊቱ በረገጠበት ላይ ያሳርፋል። ልክ ካልገጠመ ሁለት ዱካ ተደራርቦ ጣቱ የበዛ ይመስላል። ብዙ «እንግዳ አውሬ» የተወለደው ከዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጥላ ስለማይኖር ደህናው ዱካ እንኳ ይጠፋል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ዱካውን በእናንተና በፀሐይ መካከል አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቀኑ ካልተመቸ በሰውነታችሁ ጥላ አድርጉበትና የስልካችሁን መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ፎቶ ስታነሱ ቀጥ ብላችሁ ከላይ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሱ። ከጎን የተነሳ ፎቶ ክቡን ረዘም፣ ረጅሙን ክብ ያደርገዋል።

ደረቅ አሸዋ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ። ግድግዳው ራሱ ወለሉ ላይ ይፈርሳል፣ እብጠቱም ቀዳሚው ጣትም ይጠፋል። ያኔ የሚቀረው የእርምጃው ርዝመትና የመስመሩ አካሄድ ነው። በዚያ ብቻ «መካከለኛ ቁመት ያለው ባለ አራት እግር» ብሎ ማቆም ነውር የለውም።

ባለሙያዎችም በአንድ ዱካ ሲከራከሩ ዓመታት ይፈጃሉ። ታንዛኒያ ውስጥ ላይቶሊ በሚባል ቦታ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት እርጥብ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የቀሩ ዱካዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ መስመር በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው የተገኘው፤ አምስት ተከታታይ ዱካዎች ናቸው። ቅርጻቸው እንግዳ ስለነበር በሁለት እግሩ የቆመ ድብ ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበና ጉዳዩ እዚያው ተተወ። ተመራማሪዎች በ2019 እንደገና ቆፍረው አጸዷቸው። በአንዳንዱ ውስጥ እስከዚያ ያልተጸዳ አፈር ስለነበር ጣቶቹ ጥርት ብለው የታዩት ያኔ ነው። ከዚያ በሁለት እግር ከሚራመዱ የድብ ግልገሎች፣ ከቺምፓንዚና ከሰው ዱካ ጋር አነጻጸሯቸው። ተረከዙ ለድብ በጣም ሰፊ ሆነ፣ አውራ ጣቱም ከሁለተኛው ጣት ይበልጣል። ከዱካዎቹ አንዱ ደግሞ እግሩን በሌላው ፊት አሻግሮ የረገጠ ነው፣ ድብ በሁለት እግሩ ሲሄድ እንዲህ ማድረግ አይመቸውም። በ2021 መጨረሻ የወጣው ጥናት ዱካው በሁለት እግሩ የሚሄድ የሰው ዘር ዘመድ ነው፣ እዚያው ላይቶሊ ያሉትን ሌሎች ታዋቂ ዱካዎች ከተዉት ግን የተለየ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም አለ።