ቅርጫትና ቅመም ለውጭ ገዢ መሸጥ፦ ከካርቶኑ እስከ ክርክሩ

የእጅ ሥራን ወይም በትንሹ የተዘጋጀ ምግብን በፓኬት ለውጭ ገዢ መላክ በኮንቴይነር ከሚሠራው ንግድ ይለያል። ሻጩ አንድ ሰው ነው፣ ገዢውም አንድ ሰው። በመሃል ግን ፖስታ ወይም ኩሪየር፣ የሁለት አገር ጉምሩክ፣ ባንኮችና የካርድ ኩባንያ አሉ። ሁሉም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ብዙ ጊዜ ሽያጩ የሚበላሸው ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከደንቦቹ አንዱን ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት ቀርተው ነው።

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ከተክል ጭረት የተሰፋ ቅርጫት ነው። ዋጋው 80 ዩሮ፣ ማጓጓዣው 30 ዩሮ። ገዢዋ ጀርመን ትኖራለች፣ ሻጩ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ነው።

ካርቶኑ

ቅርጫት ቀላል ነው፣ ግን ቦታ ይበላል። ኩሪየሮች የሚያስከፍሉት ሚዛን ላይ በሚታየው ክብደት ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ያባዛሉ፣ ውጤቱንም አብዛኞቹ ለ5000 ያካፍላሉ። 40 በ40 በ25 የሆነ ካርቶን 8 ኪሎ ይወጣዋል። እውነተኛው ክብደት 1.4 ኪሎ ቢሆንም ክፍያው የ8 ኪሎ ነው። ከሁለቱ የሚከፈለው ትልቁ ነውና። የፖስታ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በእውነተኛው ክብደት ስለሚያሰሉ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ይረክሳሉ፤ በምትኩ ይዘገያሉ። ስለዚህ ማጓጓዣው 30 ዩሮ ነው ተብሎ ለገዢ ከመነገሩ በፊት ዕቃው በተዘጋጀለት ካርቶን ውስጥ ገብቶ መለካት አለበት። ልምድ ያላቸው ቅርጫት ሻጮች መጠናቸው የተለያየ ሦስት ቅርጫቶችን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተው እንደ አንድ ስብስብ ይሸጣሉ። ካርቶኑ ያው ነው፣ ገቢው ግን የሦስት ነው።

የተክል ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። በደንብ ሳይደርቅ በፕላስቲክ ከታሸገ መንገድ ላይ ይሻግታል። ጭረቱ ውስጥ የነፍሳት እንቁላል ካለ ደግሞ ይፈለፈላል፤ ተባይ ያገኘ የድንበር ተቆጣጣሪ ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው። ዕቃው ለጥቂት ቀናት ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ደቃቅ ዱቄት ከሥሩ ከተገኘ የሚበላው ነገር አለ ማለት ነው። ሙዚየሞች ለዚህ የሚጠቀሙት ዘዴ ለትንሽ ሻጭም ይሠራል። ዕቃው በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሲወጣ ላቡ እስኪደርቅ ፕላስቲኩ አይከፈትም።

ወረቀቱ

በፖስታ የሚሄድ ዕቃ የጉምሩክ መግለጫ ይለጠፍበታል። ዋጋው ዝቅ ያለ ትንሽ ፓኬት ሲኤን 22 የሚባለውን አጭር ቅጽ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሲኤን 23ን። ከ2021 ጀምሮ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ይኸው መረጃ ዕቃው ከመድረሱ በፊት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ አለበት። በእጅ ተጽፎ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ድፍን ያለ መግለጫ ነው። "ስጦታ"፣ "የእጅ ሥራ" ወይም "የግል ዕቃ" ተብሎ የተጻፈ ፓኬት ለጉምሩክ ምንም አይነግርም። የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት እንዲህ ያሉ ቃላትን ሲያይ መረጃውን ይመልሳል። ትክክለኛው አጻጻፍ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራና ለምን እንደሚያገለግል ይናገራል፤ "ከተክል ጭረት በእጅ የተሰፋ ቅርጫት፣ 1" እንደማለት። ከጎኑ ዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ ቁጥር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ቁጥሩን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ቅርጫት በ4602 ሥር ይገባል። የጥጥ ሻርፕ 6214.90 ነው፣ የቅመም ድብልቅ 0910.91።

ቀረጡን ማን ይከፍላል?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያጣላው ይህ ነው። ገዢዋ 110 ዩሮ ከፍላ ጨርሻለሁ ብላለች። ሻጩም ልኬ ጨርሻለሁ ብሏል። ግን እስከ ሐምሌ 2021 ድረስ ይሠራ የነበረው፣ ከ22 ዩሮ በታች ያለ ዕቃ ያለ ቫት የሚገባበት ፈቃድ ተነሥቷል። አሁን ቫት የማይከፈልበት የንግድ ፓኬት ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም። በጀርመን መደበኛው 19 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም ማጓጓዣውን ጨምሮ ነው። በዚህ ምሳሌ 20.90 ዩሮ ይሆናል።

ይህ ገንዘብ በሁለት መንገድ ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ሻጩ ሲሸጥ ራሱ ሰብስቦ እንዲያስገባ ነው። ለዚህ የዕቃው ዋጋ ከ150 ዩሮ ላልበለጠ ፓኬት አይኦኤስኤስ የሚባል የምዝገባ ሥርዓት አለ። ከኅብረቱ ውጭ ያለ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የተቋቋመ ወኪል ይዞ ነው የሚመዘገበው፤ ወኪሉ ደግሞ ያስከፍላል። በወር ጥቂት ፓኬት ለሚልክ ሰው አያዋጣም። በትልቅ የኦንላይን ገበያ የሚሸጥ ግን ቫቱን ገበያው ራሱ ይሰበስብለታል፣ ከሻጩ የሚጠበቀው የገበያውን ቁጥር ለፖስታው በትክክል መስጠት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተረሳ ገዢዋ ሁለተኛ ትከፍላለች።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ሳይሰበሰብ መላክ ነው። ያኔ አጓጓዡ ገዢዋ በር ላይ 20.90 ዩሮውን፣ ከራሱ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ይጠይቃል። አስቀድሞ የተነገራት ሰው ትከፍላለች። ያልተነገራት "ይህማ ማጭበርበር ነው" ብላ ዕቃውን ትመልሳለች። ሻጩ 30 ዩሮው ቀልጦበት፣ አንዳንዴ የመመለሻውን ከፍሎ፣ ከወራት በኋላ የተጨማደደ ቅርጫት ይረከባል። የኩሪየር ሰዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ዲዲፒ፣ ሁለተኛውን ዲኤፒ ይሉታል። ሻጩ የትኛውን እንደመረጠ በዕቃው ገጽ ላይ፣ ዋጋው አጠገብ መጻፍ አለበት። ታች በተደበቀ ደንብ ውስጥ መጻፉ ማንንም አያድንም።

አሜሪካ ደግሞ ለብዙ ትናንሽ ሻጮች ቀላሉ ገበያ ነበረች። እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ፓኬት ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ይህ ነሐሴ 2025 መጨረሻ ላይ ለሁሉም አገር ቆመ፤ ብዙ የፖስታ ድርጅቶችም በዚያው ሰሞን ወደዚያ ዕቃ መቀበል አቋርጠው ነበር። ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ስለ አሜሪካ የሚለውን አትመኑ።

ገዢው "ስጦታ ብለህ ጻፈው፣ 10 ዩሮ አድርገው" ብሎ ሲለምን ደግ ሰው ይመስላል። እሺ ያለ ሻጭ ሐሰተኛ መግለጫ ሰጠ ማለት ነው። ዕቃው ከጠፋም ካሳው ከተጻፈው 10 ዩሮ አይበልጥም። አንዳንዱ ለማኝ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ምግብ ሲሆን

ምግብ ላይ ቀረጡ ትንሹ ጭንቀት ነው። ከእንስሳት የሚገኝ ማንኛውም ነገር፣ ማርንና ቅቤን ጨምሮ፣ ለንግድ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት የተፈቀደ የመነሻ አገርና የጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በፓኬት ለሚሸጥ ሰው ይህ በተግባር የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ትንንሽ ሻጮች በደረቅና ከተክል በሚገኝ ነገር ላይ ያተኩራሉ።

ቅመምም ቢሆን ነፃ አይደለም። በደንብ ባልደረቀ በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው በጠቅላላ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ዓይንም አፍንጫም አይለየውም፣ ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከገበያ የተፈጨ ዱቄት ገዝቶ አሽጎ የሚልክ ሻጭ ይህን አደጋ ከነቀለም ቅልቅሉ ይሸከማል። ሱዳን የሚባለው የኢንዱስትሪ ቀለም ከቺሊ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በ2005 በብሪታንያ ብዙ መቶ የምግብ ዓይነቶችን ከመደርደሪያ አስወርዷል።

ወደ አሜሪካ ለሽያጭ የሚሄድ ምግብ ከመላኩ በፊት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ማስታወቂያ ይገባለታል፤ በፖስታ ከሆነ የማረጋገጫ ቁጥሩ ከፓኬቱ ጋር መሄድ አለበት። ምግቡ የተመረተበት ቦታም መመዝገብ አለበት። አንድ ሰው ቤቱ ሠርቶ ለዘመዱ በስጦታ የሚልከው ምግብ ከማስታወቂያው ነፃ ነው፤ የሚሸጥ ግን አይደለም። "እኅቴ ስትልክልኝ ያልፍ ነበር" የሚለው ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው። መለያው ላይም አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ይጻፋሉ። አውሮፓ 14 ይቆጥራል፣ አሜሪካ ሰሊጥ በ2023 ከተጨመረ ወዲህ 9።

ገንዘቡና መተማመኑ

የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ አንዱ ቀድሞ ማመን አለበት። በባንክ ዝውውር ከሆነ ገዢው ያምናል፣ በካርድ ከሆነ ሻጩ። ካርድ የከፈለ ገዢ ዕቃው አልደረሰኝም፣ ወይም እንደተባለው አይደለም ብሎ ባንኩን ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ጊዜውም አጭር አይደለም፤ በዋና ዋናዎቹ ካርዶች በተለምዶ 120 ቀን ነው። አካውንት ውስጥ የገባ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ሙሉ በሙሉ የሻጩ አይደለም።

"አልደረሰኝም" ለሚለው መልሱ የመከታተያ ቁጥር ነው። ግን ሁሉም ቁጥር እኩል አይደለም። የፖስታ ቁጥር ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝና ሁለት የአገር ፊደል አለው። በ R የሚጀምረው የአደራ ነው፣ በ E የሚጀምረው ፈጣኑ ነው፣ በ C የሚጀምረው የጥቅል። በ U የሚጀምር ከሆነ ግን ተራ ፓኬት ነው፤ ባርኮዱ ለጉምሩክ እንጂ እስከ በር ለመከታተል አይደለም። ለርካሽነቱ U የመረጠ ሻጭ ክርክር ሲነሣ የሚያሳየው ነገር የለውም።

"እንደተባለው አይደለም" ለሚለው ደግሞ ማስረጃው የዕቃው ገጽ ነው። ልኬቱ በሴንቲሜትር፣ ቀለሙ በቀን ብርሃን በተነሣ ፎቶ፣ የሚልከው ቅርጫት ከፎቶው በምን ያህል ሊለይ እንደሚችል በግልጽ ከተጻፈ ባንኩ የሚያነበው ነገር ያገኛል። ካርቶኑ ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ አንድ ፎቶም ይረዳል።

ከሐቀኛ ቅሬታ ሌላ ማጭበርበርም አለ። ከፍሎ ሲያበቃ አድራሻ እንዲቀየር የሚጠይቅ ገዢ የተሰረቀ ካርድ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ አድራሻ የተላከ ዕቃ ደግሞ የክፍያ ድርጅቱን ዋስትና ያጣል። መልሱ ትዕዛዙን ሰርዞ በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲያዝ ማድረግ ነው። አብልጦ ከፍሎ ትርፉን "ለአጓጓዤ ላክልኝ" የሚል ደግሞ ሌባ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ይመለሳል፣ የተላከው አይመለስም።

ፓኬቱ በእርግጥ ከጠፋ የፍለጋ ጥያቄውን ለፖስታ የሚያቀርበው በአብዛኛው ላኪው ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ከተላከ ማግሥት ጀምሮ ስድስት ወር ይሰጣል። የገዢዋ 120 ቀን ግን ቀድሞ ያልቃል፣ ባንኳም ፖስታውን አይጠብቅም። መከታተያው ለሦስት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ጥያቄውን ያን ጊዜ ማስገባት፣ ለገዢዋም የጥያቄውን ቁጥር መላክ ያስፈልጋል።