አሳሳች አማራጭ ምንድን ነው? የተማሪን ስህተት የሚያሳይ የምርጫ ጥያቄ አወጣጥ

በምርጫ ጥያቄ ውስጥ ከትክክለኛው መልስ ጎን የሚደረደሩት የተሳሳቱ መልሶች አሳሳች አማራጭ ወይም ዲስትራክተር ይባላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት መጨረሻ ላይ፣ በድካም ሰዓት ነው። መምህሩ ጥያቄውን ያወጣል፣ መልሱን ያስቀምጣል። ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንዲሞላለት ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ደህና ይወጣል። ሁለተኛውን ያላጠና ተማሪ እንኳ አይነካውም። ለሦስተኛው ሲጨንቀው «ሁሉም መልስ ናቸው» ይላል።

ጥሩ አሳሳች አማራጭ ግን ማሟያ አይደለም። ተማሪው የራሱን የተሳሳተ ሕግ በትክክል ተከትሎ የሚደርስበት መልስ ነው። ልጁ ያንን ሲያከብብ መሳሳቱን ብቻ ሳይሆን ምን አስቦ እንደተሳሳተም ይነግረናል።

በአስርዮሽ ቁጥር እንየው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የተለመደ ነው፦ ከ0.21፣ ከ0.45፣ ከ0.63 እና ከ0.87 ትልቁ የቱ ነው? ተማሪዎቹ 0.87 ይላሉ፣ ሁሉም ኤክስ ሳይገባባቸው ያልፋሉ፣ መምህሩም ትምህርቱ ገብቷቸዋል ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል። ችግሩ፣ ስለ አስርዮሽ ምንም ያልገባው ልጅም ይህን ጥያቄ ያገኘዋል። ከነጥቡ በኋላ ያለውን 21፣ 45፣ 63፣ 87 ብሎ ካነበበ በቂው ነው። ቁጥሮቹ እኩል ርዝመት ስላላቸው ስህተቱ ተሸፍኖ ያልፋል።

ይህ አነባበብ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ ገንዘብ ይመስለኛል። 3.50 ለልጁ ሦስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ማለትም ሁለት ሙሉ ቁጥሮች፣ መሃላቸው ነጥብ ያለባቸው። ደረሰኝ ላይ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ስለሚጻፍ ሕጉ አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው 0.125 እና 0.84 ጎን ለጎን ሲመጡ ነው። 125 ከ84 ስለሚበልጥ 0.125 ይበልጣል ይላል።

ተቃራኒውም አለ። አንድ አስረኛ ከአንድ ሺኛ እንደሚበልጥ የተማረ፣ ግን እዚያው ላይ የቆመ ልጅ አለ። ለእሱ አጭሩ ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል። 0.7 «አስረኛ» ነው፣ 0.84 «መቶኛ» ነው፣ አስረኛ ይበልጣል፣ አለቀ። ሦስተኛው ቡድን አስርዮሽን ከክፍልፋይ ጋር ያምታታል። 0.4 ሲያይ አንድ አራተኛ፣ 0.7 ሲያይ አንድ ሰባተኛ ይመስለዋል። ስለዚህ አሃዙ ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። እነዚህን አስተሳሰቦች አውስትራሊያ ውስጥ ኬይ ስቴሲና ቪኪ ስታይንል ለዓመታት አጥንተዋቸዋል፤ ግን ደብተር የሚያርም መምህር ሁሉ ስም ሳይሰጣቸው ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ጥያቄውን እንደገና እናውጣው። ትልቁ ቁጥር የቱ ነው?

ሀ. 0.4
ለ. 0.125
ሐ. 0.84
መ. 0.7

ትክክለኛው ሐ ነው። «ረጅሙ ይበልጣል» የሚለው ልጅ ለ ላይ ይወድቃል። «አጭሩ ይበልጣል» የሚለው መ ላይ። ከክፍልፋይ ጋር ያምታታው ሀ ላይ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው፦ እያንዳንዱ የተሳሳተ ሕግ የየራሱ መውደቂያ እንዲኖረው፣ አንዱም ሕግ በአጋጣሚ ወደ ትክክለኛው መልስ እንዳያደርስ ቁጥሮቹን መምረጥ። በ0.84 ፋንታ 0.9 ቢገባ ኖሮ «አጭሩ ይበልጣል» የሚለው ልጅ መልሱን ባገኘው ነበር። ጥያቄውም ምንም ያልነገረን ሆኖ ይቀራል።

እነዚህን ስህተቶች ወንበር ላይ ተቀምጦ መገመት አይሠራም። ትምህርቱን አንዴ ያወቀ ሰው፣ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ይረሳዋል። የተሻለው መንገድ ጥያቄውን መጀመሪያ ያለ ምርጫ መስጠት ነው። «ትልቁን ጻፍ፣ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስረዳ» ማለት። ከዚያ ወረቀቶቹን በመልሳቸው ሳይሆን በምክንያታቸው እየለዩ መከመር። ትልልቆቹ ክምሮች የሚቀጥለው ፈተና አሳሳች አማራጮች ይሆናሉ። በፊዚክስ ታዋቂ የሆነው ፎርስ ኮንሴፕት ኢንቨንተሪ የሚባለው ፈተናም መሠረቱ ይኸው ነው። ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙት፣ የተሳሳቱት ምርጫዎች ሰዎች ስለ ጉልበትና ስለ እንቅስቃሴ በእርግጥ የሚያምኗቸው ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የእጅን ጉልበት ይዞ እንደሚወጣ ማሰብ።

ፈተናው ከተሰጠ በኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱን አማራጭ ስንት ሰው መረጠው? ከመቶ አምስት ሰው እንኳ ያልመረጠውን አማራጭ የፈተና ባለሙያዎች የማይሠራ ይሉታል። ሲጠፋ ደግሞ አራተኛ አማራጭ የግድ አይደለም። ማይክል ሮድሪጌዝ በ2005 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር ለአብዛኛው ጥያቄ ሦስት አማራጭ በቂ እንደሆነ ደምድሟል። ሁለት ጥሩ አሳሳች አማራጭ ካላችሁ፣ ሦስተኛውን ለወጉ ያህል አትጨምሩ።

ቀጥሎ የሚታየው ማን እንደመረጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሳሳች አማራጭን በጠቅላላው ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት መምረጥ አለባቸው። ጎበዞቹ አንዱን የተሳሳተ አማራጭ በብዛት ከመረጡት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥያቄው ነው። ምናልባት አማራጩ በሌላ አተረጓጎም ትክክል ነው፤ ምናልባት የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል። አሳሳች ማለት አሻሚ ማለት አይደለም። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ለምን ስህተት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለበት። «አይደለም» የምትለውን ቃል መሃል ደብቆ ተማሪን መጣል ደግሞ የንባብ ጥንቃቄን እንጂ የሒሳብ ዕውቀትን አይለካም።

አንድ ገደብ አለ። አንድ ልጅ ለን ስለመረጠ ብቻ «ረጅሙ ይበልጣል ብሎ ያምናል» ማለት አይቻልም፤ ገምቶም ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ቀይሮ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነው። ሁልጊዜ ረጅሙን ከመረጠ ግምት አይደለም።

ከዚያ መድኃኒቱ ይለያያል። ለን የመረጠው ልጅ የአስረኛና የመቶኛ ቤት ገና አልገባውም። መን የመረጠው ገብቶታል፤ የቀረው ስምንት አስረኛ 0.84 ውስጥም እንዳለ ማየት ነው። ለሁለቱም «ዜሮ ጨምራችሁ አስተካክሉ» ማለት ቀላል ነው፦ 0.700፣ 0.840፣ 0.125። መልሱ ይገኛል። ግን ልጁ አሁንም 700ን ከ840 ጋር እንደ ሙሉ ቁጥር እያወዳደረ ነው። ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ በ0.7 እና በ0.8 መካከል ስንት አስርዮሽ ቁጥር አለ? አማራጮቹ «ምንም የለም»፣ «ዘጠኝ» እና «ተቆጥሮ የማያልቅ» ይሁኑ። «ምንም የለም» የሚለው 7 እና 8ን ብቻ ያያል። «ዘጠኝ» የሚለው አንድ ዜሮ ጨምሮ ከ0.71 እስከ 0.79 ቆጥሯል፣ እዚያም ቆሟል።